እንባው ለምን ከምስራቹ በኋላ መጣ?

«ሉማሜ አካባቢ የማስተምር የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ስትል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ የጀመራት ምጥ አልገፋ ብሎ ከጤና ጣቢያ በአምቡላንስ ወደ ደብረ ማርቆስ ላኩን። ንጋት 11 ሰዓት ላይ በኦፕራሲዮን ተገላገለች። ያን ሁሉ ሰዓት ነጠላዋን ታቅፌ ኮሪደር ላይ ስቆም ዓይኔ ደረቅ ነበር። አዋላጇ ወጥታ ‹እንኳን ማርያም ማረቻት፣ ወንድ ነው› ስትለኝ ግን ጉልበቴ ከዳኝ፤ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ዓምና አባቴ ሲሞት እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም። በ40 ቀኑ ክርስትና ዕለትም ያንኑ ነጠላ ለብሳ ሳያት እንደገና መጣብኝ። አጎቴ ‹በምስራች ላይ ማልቀስ ሟርት ነው፣ ወንድ በሆዱ ነው የሚያለቅሰው› ይለኛል። ባልደረባዬ ደግሞ ነርቭህን ታይ አለኝ። ምን ሆኜ ነው? ልጁስ እስከ ክርስትናው ድረስ ሲያለቅስ እንባ አልነበረውም፤ ይሄ ጤና ነው?»

ውድ ጠያቂያችን፣ ለባለቤትዎ እንኳን ማርያም ማረቻት፤ ልጁንም ያሳድግልዎ። በጻፉልን ነገር ውስጥ የበሽታ ምልክት አላየንም። ያን ሌሊት ተገላገለች የተባለችው እርሷ ብቻ ትሁን እንጂ የተገላገላችሁት ሁለት ናችሁ። እንባው ለምን በዚያች ደቂቃ እንጂ ቀደም ብሎ እንዳልመጣ ማወቁ ግን ይጠቅምዎታል፤ በልጅ ምረቃም፣ በሠርግም፣ ከሩቅ አገር በሚመጣ ስልክም ላይ እንደገና መምጣቱ አይቀርምና።

እንጅባራ ላይ ፈረስ ሲጋለብ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸግረውም። ፈረሱን የሚያስሮጠው አለንጋ ነው፣ የሚገታው ልጓም፤ ጎበዝ ፈረሰኛ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይዞ ነው የሚጋልበው። የሰው አካልም ከፈቃዱ ውጭ የሚሠሩ ሁለት የነርቭ መስመሮች አሉት። ሐኪሞች ሲምፓቴቲክ የሚሉት አለንጋው ነው፤ ልብን ያፈጥናል፣ አፍን ያደርቃል፣ የዓይን ብሌንን ያሰፋል፣ ደምን ወደ ጡንቻ ይሰድዳል። ፓራሲምፓቴቲክ የሚሉት ደግሞ ልጓሙ ነው፤ ልብን ያዘገያል፣ ምራቅን ይመልሳል፣ ጨጓራንና አንጀትን ወደ ሥራቸው ያስገባል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ ነው። እንባ ለሚያመነጨው እጢ ዋናውን ትእዛዝ የሚሰጠው ልጓሙ እንጂ አለንጋው አይደለም። እንባ ጭንቀት ጫፍ ሲደርስ የሚፈስ ይመስለናል፤ በአካል አሠራር ከሄድን ግን እንባ ከማረፊያው ወገን ነው።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ንጋት 11 ሰዓት ድረስ 15 ሰዓት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት እጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ሲረጩ አድረዋል። አፍዎ ደርቆ እንደነበር፣ እንቅልፍም ርኃብም እንዳልተሰማዎ ብንገምት ብዙ አንሳሳትም። በዚያ ሰዓት አካልዎ ማልቀስን ወደ ጎን ያደርገዋል፤ ፈርም ሊባሉ፣ መድኃኒት ግዛ ሊባሉ፣ ከቤት ሊደወልልዎ ይችላል። ነጠላዋን አጥብቆ መያዝም የዚያ ዝግጁነት አካል ነው፤ የሚሠራው ያጣ እጅ የሚይዘው ይፈልጋል።

ከዚያ አዋላጇ ወጣች። አድሬናሊን በደም ውስጥ ብዙ የማይቆይ ነገር ነው፤ እጢው ማመንጨቱን ሲተው በ2 እና 3 ደቂቃ ውስጥ መጠኑ በግማሽ ይወርዳል። አለንጋው ከእጅ ወደቀ ማለት ነው። ልጓሙ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያን ግልቢያ ሲገታ ያደረ እጅ ስለሆነ በዚያው ጉልበት መሳቡን አያቆምም። የሚቃወመው ሲጠፋ ፈረሱ ወደ ኋላ ቁጢጥ ይላል። ልብ በአንድ ጊዜ ይዘገያል፣ የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ከሌሊቱ ጀምሮ ቆሞ ባዶ ሆዱን ላደረ ሰው ደግሞ ደሙ ወደ እግር ይወርዳል። ጉልበትዎ የከዳዎት ለዚህ ነው። ግድግዳ ተደግፈው መቀመጥዎ ትክክለኛ ነገር ነበር፤ ቆሜ እችላለሁ ያለ ሰው አንዳንዴ ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ከእንባው ይብሳል።

በዚያው ቅጽበት ትእዛዙ ወደ ዓይን ሄዷል። መነሻው በአንጎል ግንድ ውስጥ ያለ ትንሽ የነርቭ ሴሎች ጉብታ ነው፤ መንገዱ ሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ። ይኸው ነርቭ የፊትን ጡንቻም ያዝዛል፤ ከንፈር የሚንቀጠቀጠውና አገጭ የሚሸበሸበው ከእንባው ጋር አብሮ የሚሄደው አንድ ቤት ስለሚኖሩ ነው ቢባል ያስኬዳል። እጢው የሚገኘው ከዓይን በላይ፣ ወደ ጆሮ በሚያዘነብለው ጥግ፣ ከአጥንቱ ሥር ነው። በአዘቦት ቀን ዓይንዎ ላይ ተዘርግቶ የሚገኘው እንባ ወደ 7 ማይክሮ ሊትር ብቻ ነው። ከመድኃኒት ጠርሙስ የሚወርድ አንዲት ጠብታ በአማካይ 50 ማይክሮ ሊትር ስለምትሆን፣ ይህ የጠብታ ሰባተኛ ያህል ነው። የሚመነጨውም በደቂቃ ከ1 እስከ 2 ማይክሮ ሊትር ያህል ነው፤ ከዚያ በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ጥግ በሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ትእዛዙ ሲበረታ ቀዳዳዎቹ አይችሉትም፤ ትርፉ በጉንጭ ይወርዳል፣ ቀዳዳው የተቀበለውም አፍንጫን ያስነፍጣል። ካለቀሱ በኋላ የሚናፈጡት ንፍጥ አብዛኛው እንባ ነው።

ሳጉንም እግረ መንገዳችንን እንናገር፤ ሰው ከእንባው ይልቅ ሳጉን ስለሚፈራው። አካል አየር አብዝቶ ለመሳብ ሲዘጋጅ በጉሮሮ ውስጥ ያለው የአየር በር ሰፍቶ እንዲቆይ ይደረጋል። እርስዎ ደግሞ እንባውን ዋጥ ሊያደርጉ ይሞክራሉ፤ ለመዋጥ ያ በር መዘጋት አለበት። አንዱ ክፈት ሌላው ዝጋ ሲለው ጡንቻዎቹ ይወጣጠራሉ፣ ጉሮሮ ውስጥ ድቡልቡል ነገር የተቀረቀረ ይመስላል። የተቀረቀረ ነገር የለም። አምርረው በዋጡት ቁጥር ይብሳል፤ አፍን በትንሹ ከፍቶ ረዘም አድርጎ መተንፈስ ያላላዋል።

እንባ ከጭንቀቱ ወደ ማረፊያው በሚሻገሩበት ድንበር ላይ ይመጣል የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1979 በጽሑፍ ያቀረቡት ጄይ ኤፍራንና ቲሞቲ ስፓንግለር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ናቸው። በእነርሱ አባባል እንባ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ መጀመሪያ መወጠር፣ ቀጥሎ ውጥረቱ የሚላላበት ምክንያት። ሁለተኛው ካልመጣ የመጀመሪያው ብቻውን ሰውን ዝም ያሰኘዋል። ማርቆስ ገበያ ላይ እናቱን ያጣ ሕፃን አይተው ከሆነ ይህን በዓይንዎ አይተዋል። ሲፈልግ ዓይኑን አፍጥጦ በሰው እግር መካከል ይሮጣል እንጂ አያለቅስም። ጩኸቱን የሚለቀው የእናቱን ቀሚስ ሲያይ ነው፤ ያውም አጥብቆ ካቀፋት በኋላ። እናትየው «አገኘኸኝ፣ ምን ሆነህ ነው አሁን የምታለቅስ?» ትለዋለች። አሁን ያለቀሰው ስላገኛት ነው።

የአባትዎ ነገርም በዚሁ ይፈታል። በአባት ቀብር ዕለት የበኩር ልጅ ወይም ደህና ወንድ ልጅ ሥራው ብዙ ነው፤ ለዘመድ መላክ፣ እድሩን ማስጠራት፣ ድንኳን፣ መቃብር፣ ቄሶቹ፣ ለቀስተኛውን መቀበል። አለንጋው ለቀናት አይወድቅም፤ ሰውም ዓይኑ ደርቆ ይቀብራል። አንዳንዱ ሰልስት አልፎ ዘመድ ሲበተን፣ ባዶ መደቡን ሲያይ ነው የሚያለቅሰው። አንዳንዱ በተዝካር። አንዳንዱ ደግሞ ከወራት በኋላ፣ ጨርሶ በሌላ ነገር ላይ። ከኮሪደሩ እንባ ውስጥ የአባትዎ ድርሻ ነበረበት ብንል አይደነቁ፤ የልጅ ልጁን ያላየ አባት በእንዲህ ያለ ሰዓት ትዝ ይላል። ስለዚህ «ለልጄ አልቅሼ ለአባቴ አላለቀስኩም» ብለው ራስዎን አይክሰሱ። እንባ የፍቅር ሚዛን አይደለም፤ የሚነግረው መቼ እንዳረፉ ነው።

አሁን አጎትዎ የያዙት ጥያቄ ቀረ፤ ደስታ ከሆነ ፊቱ ለምን የሐዘን ይሆናል? እጢው ደስታን ከሐዘን አይለይም። የሚደርሰው ፍሰስ የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው፣ መውጫውም አንድ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ጥቅም ያለው ይመስላል። በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ኦሪያና አራጎንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ በጣም ሲደሰቱ ተቃራኒ የሚመስል ነገር የሚያሳዩ ሰዎችን ተመለከቱ። በምስራች የሚያለቅሱ፣ ቆንጆ ሕፃን ሲያዩ ጥርሳቸውን የሚነክሱ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ጉንጩ የሞላ ሕፃን ሲገኝ «ውይ፣ ልብላው!» የሚባለው ከዚሁ ነው፤ ማንም ሊበላው አይደለም። እንዲህ ያሉት ሰዎች ከኃይለኛው ስሜት ወደ ልካቸው ፈጥነው የሚመለሱ ሆነው ተገኙ። ደስታም ሲበዛ ውጥረት ነው፣ እሱንም ልጓም ያስፈልገዋል። በወላድ ቤት እልል የሚሉትን እናቶች ልብ ብለው ይዩ፤ ምላሳቸው እልልታውን ሲያቀልጥ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ያን ማንም ሟርት አይለውም። ያው ነገር ወንድ ላይ ሲታይ ብቻ ስሙ መለወጡ የአካል ጉዳይ ሳይሆን የልማድ ነው፤ አጎትዎን ግን በዚህ ሊከራከሯቸው አይድከሙ።

«እንባ በደም ውስጥ ያለ መርዝ ያወጣል፤ ስለዚህ ነው የሚቀለን» የሚልም ሰምተው ይሆናል። በስሜት የሚፈስ እንባ ሽንኩርት ከሚያስወርደው ይልቅ ፕሮቲን እንደሚበዛበት አሜሪካዊው ዊልያም ፍሬይ እ.ኤ.አ. በ1981 ጽፎ ነበር፤ የመርዝ ማውጣቱ ወሬ ከዚያ ተስፋፋ። መጠኑን ስናየው አያስኬድም፤ ደህና አድርጎ ያለቀሰ ሰው ያፈሰሰው የሻይ ማንኪያ ባይሞላ ነው፣ ከፊሉም በአፍንጫ አድርጎ ተመልሶ ይዋጣል። የሚያቀልለው ፈሳሹ ሳይሆን አብሮት የሚሄደው የትንፋሽና የልብ መርጋት ነው፤ ከጎን የሚቆም ሰውም ካለ ይበልጥ። ደግሞ ወዲያው አያቀልልም። በኔዘርላንድ ቲልበርግ ዩኒቨርሲቲ እነ አድ ፊንገርሁትስ አሳዛኝ ፊልም አይተው ያለቀሱ ሰዎችን ስሜት ሲለኩ፣ ወዲያው እንዳለቀሱ ከበፊቱ ብሶባቸው ነበር፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ወደነበሩበት ተመለሱ፤ ከ90 ደቂቃ በኋላ ግን ፊልሙን ከማየታቸው በፊት ከነበሩበት የተሻለ ሆኑ። ያ የሐዘን ፊልም ነው፣ የእርስዎ የደስታ። ሆኖም ከለቅሶ በኋላ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መድከምና ራስ መክበድ ቢያመጣ ያልተለመደ እንዳልሆነ ያሳያል።

ክርስትናው ላይ ለምን ተደገመ? ነጠላው ነው። ያን ሌሊት ለ15 ሰዓት በእጅዎ ያሹት ጨርቅ ከነሽታው ከሌሊቱ ጋር በትዝታ ተሰፍቷል። ኮሪደሩ ላይ የነበረው ውጥረት ነጠላውን ሲያዩ ለአፍታ ተመልሶ መጣ፣ በዚያችው ቅጽበት ደግሞ ነጠላውን የለበሰችው እርሷ ራሷ በእግሯ ቆማ ታየችዎት። መወጠሩም መላላቱም በአንድ እይታ ውስጥ ተገናኙ። ቀኑም ዝም ብሎ የተገኘ ቀን አይደለም። ወላድ ከወለደች ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሳትገባ ቆይታ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ ትገባለች፤ ሐኪሞችም በወሊድ ምክንያት የሚመጣውን የእናት አደጋ የሚቆጥሩት እስከ 42 ቀን ነው። ሁለቱ አቆጣጠሮች እንዴት እንደተቀራረቡ ይገርማል። አካልዎ ያ ዕለት የአደጋው ማብቂያ መሆኑን አውቆታል። እንዲህ ያለው ቅስቀሳ ነጠላው ደጋግሞ በታየ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሳጥን ውስጥ እንዳትደብቀው፣ ትልበሰው።

እንግዲህ እንደገና ሲመጣብዎት ምን ያድርጉ? ሰው ፊት ካልሆኑ ተቀምጠው ይልቀቁት፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ራሱ ይበርዳል። ቆመው ከሆነ ግድግዳ ይፈልጉ፣ ዓይን ከጨለመብዎ ጋደም ብለው እግርዎን ከፍ ያድርጉ። ሞተር ላይ ወይም መሪ ላይ ከሆኑ ዳር ይዘው ይቁሙ፤ በእንባ የተሞላ ዓይን መንገዱን አያሳይም፣ የቀዘቀዘ አካልም ለፍሬን ይዘገያል። ንግግር ማድረግ ያለብዎ ሰዓት ከሆነ፣ ለምሳሌ ለተማሪዎችዎ ምረቃ፣ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ይሳቡ፣ ከንፈርዎን ጠበብ አድርገው እስከ 7 ወይም 8 እየቆጠሩ ያውጡ፣ ይህን አምስት ስድስት ጊዜ ይድገሙ። ቀዝቃዛ ውኃ ፉት ማለትም ይረዳል። ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት ትንፋሻቸውን በመያዝ ነው። የተያዘ ትንፋሽ ውጥረቱን ይጨምራል፣ ሲለቀቅም ሳጉ በእጥፍ ይወጣል። ዓይንን በጡጫ ማሸትም ቆቡን ያሳብጣል፤ ይልቅ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያሳርፉበት።

ባልደረባዎ የጠረጠረው ዓይነት የነርቭ ችግር በእርግጥ አለ፣ ግን መልኩ ሌላ ነው። ከስትሮክ፣ ከጭንቅላት ጉዳት ወይም ከአንዳንድ የነርቭ ሕመሞች በኋላ ለቅሶን የሚገታው የአንጎል መስመር ሲጎዳ፣ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ወይም በጥቃቅን ነገር በድንገት ያለቅሳል፣ ወይም ይስቃል፤ ሊያቆመው ቢሞክር እሺ አይለውም፣ እንደመጣም በድንገት ያቆማል። የሚለየው ሦስት ነገር ሲጠየቅ ነው፤ ስሜቱ በእርግጥ ነበረ ወይ? ለቅሶው ከምክንያቱ ጋር ይመጣጠናል ወይ? በልኩ ሊታገድ ይችል ነበር ወይ? እርስዎ ለሦስቱም አዎ የሚሉ ይመስለናል። እንዲህ ያለው ለቅሶ ቢጀምርዎ፣ ወይም ከእንባው ጋር አፍ መጣመም፣ በአንድ ወገን መድከም፣ የንግግር መኮላተፍ ቢመጣ ግን ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ሌላው መታየት ያለበት ያ ሌሊት እየተመለሰ በቅዠት የሚያስነሳዎ ከሆነ፣ የአምቡላንስ ድምፅ ሲሰሙ የሚሸሹ ከሆነ፣ ይህም ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ነው፤ እሱ የመገላገል እንባ ሳይሆን ያልተዘጋ ድንጋጤ ነው፣ ሕክምናም አለው።

ከእርስዎ ይልቅ ባለቤትዎን ልብ ይበሉ። ብዙ ወላድ በ3ኛው እና በ5ኛው ቀን መካከል በትንሹም በትልቁም ሆድ ይብሳታል፣ ታለቅሳለች፤ ይህ የተለመደ ነው፣ ከሁለት ሳምንት አያልፍም። እናንተ 40 ቀን አልፋችኋል። አሁንም የምታለቅስ ከሆነ፣ ልጁን ማየት ካስጠላት፣ ልጁ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ካልጣማት፣ «የደስታ ነው» ብለው እንዳያልፉት። ወደ ጤና ጣቢያው ወስደው ለአዋላጇ ይህንኑ በቃሏ ትንገር።

የልጁ ነገር ጤና ነው። ሕፃን ሲወለድ ዓይኑን ለማርጠብ የሚበቃ እንባ አለው፤ የስሜቱ ትእዛዝ ወደ እጢው የሚደርስበት መስመር ግን ገና ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለ እንባ ነው የሚጮኸው። በጉንጩ የሚወርድ እንባ በብዛት የሚታየው በመጀመሪያው ወር መጨረሻና በሁለተኛው ወር ውስጥ ነው፤ አንዳንዱ ሦስተኛውን ወር ይይዛል። በተቃራኒው ሳያለቅስ አንድ ዓይኑ ብቻ ሁልጊዜ የሚያነባ፣ ጠዋትም የሚጣበቅ ከሆነ ወደ አፍንጫ የሚወርደው ቀጭን ቱቦ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። እጅዎን በሳሙና ታጥበው፣ ጥፍርዎን ቆርጠው፣ በአፍንጫው በኩል ካለው የዓይኑ ጥግ ጀምረው ወደ ታች በትንሹ ጫን እያሉ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አምስት ስድስት ጊዜ ይሳቡት። አብዛኛው አንድ ዓመት ሳይሞላው ራሱ ይከፈታል። ጥጉ ቀልቶ ካበጠ ወይም የዓይኑ ነጭ ከቀላ ግን ማሸቱን ትተው ያሳዩት፤ የእናት ጡት ወተትም ሆነ ሌላ ነገር ዓይኑ ውስጥ አይጨመርበት።